ፒያሳ ላይ የሚንሸራተት መሰላል

ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ታፔላ ለመስቀል 5 ሜትር መሰላል ግድግዳ ተደግፏል እንበል። መሬቱ ሜዳ ነው። እግሩ በሰከንድ 0.5 ሜትር ከግድግዳው እየራቀ ይንሸራተታል። ከግድግዳው 3 ሜትር ሲርቅ ጫፉ በምን ፍጥነት ይወርዳል?

የእግሩን ርቀት x፣ የጫፉን ከፍታ y ካልን፦

x² + y² = 25

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ 3ን ቶሎ ያስገባሉ። ያኔ x ቋሚ ቁጥር ይሆንና የለውጡ ፍጥነት ዜሮ ይወጣል። መጀመሪያ ሁለቱንም ወገን ከጊዜ አንጻር ዲፈረንሺዬት አድርጉ፦

2x(dx/dt) + 2y(dy/dt) = 0

አሁን x = 3፣ y = 4 ስናስገባ dy/dt = −0.375 ይሆናል። ኔጌቲቩ ከፍታው እየቀነሰ መሆኑን ይነግረናል።

እግሩ 4.8 ሜትር ሲርቅ ግን ከፍታው 1.4 ብቻ ነው፤ ጫፉም በሰከንድ 1.7 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የእግሩ ፍጥነት ሳይለወጥ የጫፉ ከአራት እጥፍ በላይ ጨመረ! መሬት ሊነካ ሲል ቀመሩ ወሰን የሌለው ፍጥነት ይሰጣል። እውነተኛ መሰላል እንዲህ አይሆንም፤ እግሩ ያን ፍጥነት ይዞ ሊቀጥል አይችልም።

በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ደግሞ መሬቱና ግድግዳው 90 ዲግሪ ላይሠሩ ስለሚችሉ፣ በፓይታጎረስ ፋንታ የኮሳይን ሕግ ተጠቀሙ።