ድምሩ ትክክል፣ ስሌቱ ስህተት

ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ የቋሚ ንብረት መዝገቡ ድምር ከጠቅላላ ሌጀሩ ጋር ከተመሳሰለ ብዙ ድርጅት ሥራው እንዳለቀ ይቆጥረዋል። መመሳሰሉ የሚያረጋግጠው ግን አንድ ቁጥር በሁለት ቦታ እኩል መጻፉን ብቻ ነው። የእርጅና ቅናሹ ከመነሻው በስህተት ተሰልቶ ከሆነ ስህተቱ በሁለቱም ቦታ እኩል ይቀመጣል። ስለዚህ መርማሪው ጥቂት ንብረቶችን መርጦ እያንዳንዱን ራሱ እንደገና ማስላት አለበት።

አንድ ዳቦ ቤት ጄኔሬተር ገዛ እንበል። ዋጋው 1,100,000 ብር፣ ማጓጓዣው 70,000፣ ተከላው 30,000 ነው። ጄኔሬተሩን ለሥራ ለማብቃት የወጡት እነዚህ ወጪዎች አንድ ላይ ተደምረው በመዝገቡ የሚሰፍረው 1,200,000 ብር ይሆናል። ሠራተኞችን ለማሠልጠን የተከፈለውና ድርጅቱ መልሶ የሚያገኘው ተጨማሪ እሴት ታክስ እዚህ ውስጥ አይገቡም። የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት፣ በመጨረሻ ይሸጥበታል ተብሎ የተገመተው ቀሪ ዋጋ ደግሞ 120,000 ብር ነው። ምርመራው የሚጀምረው እነዚህን ቁጥሮች ከደረሰኙና ከድርጅቱ የሂሳብ ፖሊሲ ጋር በማስተያየት ነው፤ መነሻው ከተሳሳተ የቀረው ስሌት ቢያምርም ዋጋ የለውም።

በቀጥተኛው ዘዴ ቀሪው ዋጋ በቅድሚያ ይቀነሳል። 1,080,000 ብር ለ5 ሲካፈል በዓመት 216,000፣ በወር 18,000 ብር ይመጣል። ማረጋገጫው መቀነስ ነው፦ የአንድን ዓመት የመዝገብ ዋጋ ከቀዳሚው ዓመት ሲቀንሱት ልዩነቱ ሁልጊዜ 216,000 መሆን አለበት። በአንድ ዓመት ከተለየ የሚያስረዳ ምክንያት ይፈለጋል፤ ለምሳሌ የአገልግሎት ዘመኑ እንደገና ተገምቶ ሊሆን ይችላል።

እየቀነሰ የሚሄደው ዘዴ ግን በየዓመቱ ከቀረው የመዝገብ ዋጋ ላይ የተወሰነ መቶኛ ይወስዳል። የቀጥተኛው መጠን በዓመት 20 በመቶ ስለሆነ እጥፉን፣ 40 በመቶን እንጠቀም። በመጀመሪያው ዓመት 480,000 ብር ተቀንሶ 720,000 ይቀራል፤ በሁለተኛው 288,000 ተቀንሶ 432,000 ይቀራል። እዚህ ማረጋገጫው ማካፈል ነው፦ የዘንድሮው የመዝገብ ዋጋ ለአምናው ሲካፈል ሁልጊዜ 0.6 መምጣት አለበት።

ስህተቱ የሚበዛው በዚህ ዘዴ ነው። አንዳንዱ መዝገብ ቀሪውን ዋጋ እንደ ቀጥተኛው ዘዴ አስቀድሞ ይቀንስና 40 በመቶውን ከ1,080,000 ላይ ያሰላል፤ የመጀመሪያው ዓመት 432,000 ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ ይህ ነው። ሌላው በየዓመቱ ከመነሻው ዋጋ ላይ ስለሚቀንስ ሁለተኛው ዓመት እንደገና 480,000 ይላል። ሦስተኛው ስህተት ተደብቆ የሚቆየው እስከ መጨረሻው ዓመት ነው። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ 155,520 ብር ይቀራል። የዚህ 40 በመቶ 62,208 ቢሆንም ያን ያህል ቢቀነስ የመዝገቡ ዋጋ ከ120,000 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የአምስተኛው ዓመት ቅናሽ 35,520 ብር ላይ መቆም አለበት፤ 0.6ም በዚህ ዓመት ብቻ አይመጣም።

በኤክሴል ለሚሠራ ሰው እነዚህ ቀመሮች ማመሳከሪያ ይሆናሉ፦

```
=SLN(1200000,120000,5)
=DDB(1200000,120000,5,5)
```

የመጀመሪያው 216,000፣ ሁለተኛው 35,520 ይሰጣል። `DB` የሚባለው ቀመር ግን መቶኛውን ራሱ ያወጣል፤ ለዚህ ጄኔሬተር 36.9 በመቶ ይይዝና በመጀመሪያው ዓመት 442,800 ብር ይቀንሳል። ፖሊሲው 40 በመቶ እያለ ይህ ቁጥር ከተገኘ ቀመሩ ተምታቷል ማለት ነው።

ቀኑም ይታይ። ቅናሹ የሚጀምረው ንብረቱ ለሥራ ዝግጁ ከሆነበት ቀን ነው፤ ክፍያ የተፈጸመበት ቀን መነሻ አይሆንም። ጄኔሬተሩ ጥቅምት 1 ዝግጁ ከሆነ እስከ ሰኔ 30 ድረስ 9 ወር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ በቀጥተኛው 162,000፣ በሌላው 360,000 ብር ይሆናል። መዝገቡ የሙሉ ዓመት ቅናሽ ካሳየ ትርፉ ያለአግባብ አንሷል።

ልዩነት ሲገኝ ምንነቱን መለየት ያስፈልጋል። ድርጅቱ አዲስ መረጃ አግኝቶ የአገልግሎት ዘመኑን ወይም ዘዴውን ከለወጠ አዲሱ ስሌት ከዚያ ጀምሮ ወደፊት ብቻ ይሠራል። ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ከሆነና መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ግን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች ተመልሰው ይታረማሉ። መርማሪው የተሳሳተውን መስመር ሲያገኝ ያው ቀመር የተገለበጠባቸውን ሌሎች መስመሮችም መፈተሽ አለበት፤ አንድ የተሳሳተ ቀመር ወደታች ሲጎተት በዚያው ምድብ ያሉትን ንብረቶች ሁሉ ያዳርሳልና።