አንዲት ዝንብና ሦስት አለቆች

«ብሬኪንግ ባድ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ምዕራፉን ሲያጋምስ በጀቱን አልፎ ነበር። የቀረጻ ቡድንን ከስቱዲዮ አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ መኪና፣ ጄኔሬተር፣ መብራት፣ ምግብ፣ አበልና የባከነ ሰዓት ነው፤ ገንዘቡ የሚያልቀውም በዋናነት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከ13ቱ ክፍሎች አንዱ ከስቱዲዮ ሳይወጣ፣ ቀድሞ በተሠራው የመድኃኒት መቀመሚያ ቤት ውስጥ፣ በሁለቱ ዋና ተዋናዮች ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። ታሪኩም ይኸው ሆነ፦ ወደ ቤተ ሙከራው ዝንብ ትገባለች፤ ኬሚስቱ ዋልተር ዋይት እሷ ካልሞተች ሥራ አይጀመርም ብሎ ሙጭጭ ይላል፤ ወጣቱ ጓደኛው ጄሲም አብሮት ሲያባርራት ያድራል።

«ፍላይ» የተባለው ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2010 ለእይታ ቀረበ። ተመልካቹም ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ምንም ነገር የማይፈጠርበት ክፍል» ብሎ ሲሰለች፣ ግማሹ ከምርጦቹ አንዱ ነው አለ። አይኤምዲቢ በተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ተመልካቾች ከሰጡት ነጥብ የድራማው ዝቅተኛ የዚህ ክፍል ነው። እንግዲህ ሊመሰገን ወይም ሊወቀስ የሚገባው ማን ነው? ገንዘቡን ያብቃቃው፣ ታሪኩን የጻፉት ወይስ ካሜራውን የመራው? እኛ አገር በድራማ መግቢያ ላይ «ደራሲና ዳይሬክተር» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ስም ሲወጣ ማየት ስለለመድን ጥያቄው ቀላል ይመስለናል። እዚያ ግን ሥራው የተከፋፈለ ነው።

የመጀመሪያው ሰው ሾውራነር ይባላል፤ በዚህ ድራማ ቪንስ ጊሊጋን ነው። ይህ መጠሪያ በድራማው መግቢያም ሆነ መጨረሻ ላይ አይጻፍም። ሾውራነሩ የሚጠራው «ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር» በሚለው ማዕረግ ሲሆን፣ በዚያው ማዕረግ የሚጠሩ ሌሎች ብዙ ሰዎች ስላሉ ተመልካች በስም ዝርዝሩ ብቻ አለቃውን መለየት አይችልም። ሥራው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። በአንድ በኩል ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ነው፦ በጀት ያጸድቃል፣ ተዋናይ ይመርጣል፣ ዳይሬክተር ይቀጥራል፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያው ጋር ይከራከራል፣ በመጨረሻም ኤዲቲንግ ክፍል ገብቶ የሚተላለፈውን ቅጂ ያጸድቃል። «አንድ ክፍል በአንድ ቤት ውስጥ ይለቅ» የሚል ውሳኔ ከሁለቱም ወገን ይመጣል፤ የሒሳብ ውሳኔ ነው፣ የድርሰትም ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የዋና ደራሲ ነው። «ብሬኪንግ ባድ» የሚቀረጸው በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ ሲሆን ደራሲያኑ ግን የሚሰበሰቡት በካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ነበር። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱን ክፍል ትዕይንት በትዕይንት ያዋቅራሉ። እያንዳንዱ ትዕይንት በትንሽ ካርድ ላይ በጥቂት ቃላት ይጻፍና ግድግዳው ላይ ባለ ሰሌዳ በተራው ይሰካል፤ መጀመሪያ አጭሩ መግቢያ፣ ቀጥሎ በማስታወቂያ የሚለያዩት አራት ድርጊቶች። አንድ ክፍል እንዲህ ተዋቅሮ እስኪያልቅ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ክርክሩም በአብዛኛው «ቀጥሎ ምን ይሁን?» የሚል አይደለም። «ይህ ሰው አሁን ምን ይፈልጋል? ምንስ ይፈራል?» የሚል ነው። ሰሌዳው ሲሞላ ካርዶቹ ለአንድ ወይም ለሁለት ደራሲ ይሰጣሉ፤ እነሱም ሄደው ቃለ ተውኔቱን ይጽፋሉ። «ፍላይ»ን የጻፉት ሳም ካትሊንና ሞይራ ዎሊ-ቤኬት ናቸው።

የዋና ደራሲው ፋይዳ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። አምስት ሰው አምስት ክፍል ሲጽፍ አንዱ ገጸ ባሕርይ አምስት ዓይነት አንደበት እንዳይኖረው ረቂቆቹ ሁሉ በአንድ እጅ ማለፍ አለባቸው። በጊሊጋን ቤት ይህ እጅ የሾውራነሩ የራሱ ነበር፤ በአሜሪካ ድራማዎች ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ስሞች የሚምታቱትም ለዚህ ነው። ሥራውን ለብቻው ማየት የፈለገ ወደ ብሪታንያ ይሂድ። ራስል ቲ ዴቪስ በ2005 «ዶክተር ሁ»ን ሲያድስ ዋና ደራሲም ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርም ነበር፤ የፕሮዲዩሰርነቱን ሸክም ግን እንደ ጁሊ ጋርድነር ያሉ ባልደረቦች ተሸክመውለታል። እሱ ሌሎች ያመጡትን ስክሪፕት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ እንደገና ይጽፍ ነበር፤ አንዳንዴ ከመጀመሪያው ረቂቅ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሆኖም በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ደራሲ ስም ብቻ ነው። የስቲቨን ሞፋትን ስክሪፕቶች ግን አልነካም፤ በኋላ ያንኑ ወንበር የወረሰውም ሞፋት ነው። በየቀኑ በሚተላለፉት የአሜሪካ የቀን ድራማዎች ደግሞ መለያየቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። እዚያ ዋና ደራሲው የወራቱን ታሪክ ያቅዳል፤ ሌሎች የየቀኑን ንድፍና ቃለ ተውኔት ይሠራሉ፤ ገንዘብና ቀረጻ የሌላ ሰው ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ዝንቧ እንመለስ። የክፍሉ ዳይሬክተር ሪያን ጆንሰን ነበር። ቀደም ሲል «ብሪክ»ን የመሰሉ የራሱን ፊልሞች ጽፎ የሠራ ሰው ነው፤ እዚህ ግን በእንግድነት የመጣ ነው። ታሪኩን አልመረጠም፣ ተዋናዮቹን አልመለመለም፣ ቤተ ሙከራውን አላሠራም። ቀድሞ የሚሄድ ባቡር ላይ የተሳፈረ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ዳይሬክተር ለአንድ ክፍል ሲቀጠር ለዝግጅት አንድ ሳምንት ገደማ፣ ለቀረጻም ሌላ ስምንት ቀን ያህል ይሰጠዋል። በዝግጅቱ ወቅት ከሁሉ የሚከብደው ስብሰባ ከሾውራነሩ ጋር ስክሪፕቱን ገጽ በገጽ የሚያነቡበት ነው። እዚያ የሚነገረው ስክሪፕቱ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው። ለምሳሌ የክፍሉን እምብርት እንውሰድ። ዋልተር የጄሲ ፍቅረኛ ጄን ስትሞት አጠገቧ ቆሞ እያየ ሳያድናት ቀርቷል፤ ጄሲ ይህን አያውቅም። ጄሲ ዝንቧን ለመምታት መሰላል ላይ ወጥቷል፤ ዋልተር ከታች መሰላሉን ይዞለታል። ጄሲ ቡናው ውስጥ የጨመረበት የእንቅልፍ ኪኒን ምላሱን አላልቶታል። ስለ ጄን ማዘኑን ይናገርና ምስጢሩ አፉ ላይ ደርሶ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። ተዋናዩ ቃሉን ሲናገር ምን ያህል መቅረብ አለበት? ተመልካቹ «አሁን ሊናገር ነው» ብሎ ይደንግጥ ወይስ በኋላ ይግባው? ይህ የሚወሰነው በዚያ ስብሰባ ነው። ካሜራው የት እንደሚቆም፣ የሚወዛወዘው መሰላል በየትኛው አቅጣጫ እንደሚታይ፣ የእያንዳንዳቸው ፊት ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ደግሞ የዳይሬክተሩ ፋንታ ነው። የክፍሉን መጀመሪያ አስታውሱ፦ የዝንቧ ክንፍና እግር እጅግ ቀርቦ ይታያል፤ ከበስተጀርባው እናት ለልጇ የምታንጎራጉረው እሹሩሩ ይሰማል። አንድ ቤት ውስጥ ታስሮ የቀረን ታሪክ የሚያተርፈው እንዲህ ያለ ዓይን ነው።

ዳይሬክተሩ ቃል መለወጥ ቢያምረው ግን በራሱ አይለውጥም። በዚህ ድራማ ክፍሉን የጻፈው ደራሲ ቀረጻው ላይ ይገኛል፤ ተዋናይ «ይህ ቃል አልመጣልኝም» ሲል የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ከበድ ካለም ስልኩ በርባንክ ይደርሳል። ከቀረጻው በኋላ ዳይሬክተሩ ከኤዲተሩ ጋር ተቀምጦ የራሱን ቅጂ የማዘጋጀት መብት አለው። በአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር ውል መሠረት ለአንድ ሰዓት ድራማ የሚሰጠው አራት ቀን ነው፤ ለሲኒማ ፊልም ግን አሥር ሳምንት ነው። አራቱ ቀን ሲያልቅ ቅጂው ወደ ሾውራነሩ ይሻገራል፤ ጆንሰንም ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በሲኒማ የመጨረሻው ቃል የዳይሬክተሩ፣ በቴሌቪዥን የደራሲው የሚባለው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ክብር አይደለም። ሦስተኛው ክፍል ላይ የተነገረች አንዲት ቃል አሥረኛው ላይ ዋጋ እንደምትከፍል የሚያውቀው እስከ መጨረሻው የሚቆየው ሰው ብቻ ስለሆነ ነው።

ይህ ሥርዓት የሚሰነጠቅበት ቦታም ይታወቃል። ሾውራነሩ ደራሲም ሥራ አስኪያጅም ስለሆነ ቀኑ በስብሰባ ሲበላ ስክሪፕት ይዘገያል፤ ስክሪፕት ሲዘገይ ዳይሬክተሩ ያላነበበውን ታሪክ ቦታ ሊመርጥለት ይወጣል። በሌላ በኩል ደራሲያን ታሪኩ ተዋቅሮ እንዳለቀ ከተሰናበቱ ቀረጻ ምን እንደሚመስል ሳያዩ ያድጋሉ፤ ነገ ሾውራነር ሲሆኑ በጀትም ተዋናይም አዲስ ይሆንባቸዋል። በ2023 የአሜሪካ ደራሲያን 148 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነበር፤ አዲሱ ውል የደራሲያኑን አነስተኛ ቁጥር የደነገገ ሲሆን የተወሰኑትም እስከ ቀረጻው እንዲቆዩ አድርጓል።

ተመልካችም ቢሆን ጥፋቱ የት እንደሆነ መጠርጠር ይችላል። ገጸ ባሕርዩ በዚህ ሳምንት የሌላ ሰው አንደበት ካመጣ፣ ወይም ባለፈው የተነገረውን ዛሬ እንዳልሰማ ከሆነ፣ የዋና ደራሲው እጅ ላልቷል። ቃሉ ጥሩ ሆኖ ትዕይንቱ ከደረቀ፣ ማን የት እንደቆመ ግራ ካጋባ፣ ዳይሬክተሩን ጠይቁ። እያንዳንዱ ክፍል ደህና ሆኖ ምዕራፉ የትም ካልደረሰ ግን ጉዳዩ የሾውራነሩ ነው።

በዚህ መለኪያ የ«ፍላይ» ነገር ይገርማል። ሞይራ ዎሊ-ቤኬትና ሪያን ጆንሰን በ2013 እንደገና ተገናኝተው ከፍጻሜው ሁለት ክፍል ቀደም ብሎ ያለውን «ኦዚማንዲያስ» ሠሩ። በዚያው ድረ ገጽ የድራማው ከፍተኛ ነጥብ የዚህ ክፍል ነው፤ ዎሊ-ቤኬትንም የኤሚ ሽልማት አሸልሟታል። ያው ደራሲ፣ ያው ዳይሬክተር፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። በእኔ ግምት ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። አንደኛው ገንዘብ ሲያጥር ታሪኩን ጸጥ አድርጎ እንዲያሳድር የታዘዘ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ለአምስት ምዕራፍ የተጠራቀመው ዕዳ ሁሉ በአንድ ቀን የሚከፈልበት ነው። የትኛው የት እንደሚቀመጥ የወሰነው ሁለቱም ስክሪፕት ላይ ስሙ ያልሰፈረው ጊሊጋን ነው።

ጆንሰንም ትምህርቱን ወስዷል መሰለኝ። በ2023 «ፖከር ፌስ» የተባለውን ተከታታይ ሲፈጥር የተወሰኑትን ክፍሎች ራሱ ጻፈ፣ ራሱም ዳይሬክት አደረገ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሾውራነርነት ግን ለኖራና ሊላ ዙከርማን፣ ለሁለት እህትማማቾች ሰጠ።