«ፎር» ወይስ «ሲንስ»?

በመስከረም 2014 ሥራ የጀመረ ሰው በመስከረም 2017 ለቃለ መጠይቅ ይቀርብና ስለ መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ «አይ አም ወርኪንግ ዜር ሲንስ ስሪ ይርስ» ይላል። ሐሳቡ ይገባል፤ ግን ሁለት ስሕተት አለበት።

አንደኛው «ሲንስ» ነው። እኛ «ከሦስት ዓመት ወዲህ» ስለምንል፣ «ከ»ን ባየንበት ሁሉ «ሲንስ» ይቀናናል። እንግሊዝኛው ግን ከ«ሲንስ» ቀጥሎ የሚፈልገው መነሻውን ነው፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ወይም «ከተመረቅሁ» እንደምንለው ያለ ድርጊት። የቆይታው ርዝመት ሲነገር ቦታው የ«ፎር» ነው። ስለዚህ ወይ «ፎር ስሪ ይርስ»፣ ወይ «ሲንስ 2021» ይበል። መስከረም 2014 በፈረንጆቹ 2021 መሆኑም አይዘንጋ።

ሁለተኛው ግሡ ነው። በአማርኛ «እየሠራሁ ነው» ይበቃናል፤ እንግሊዝኛ ግን ያለፈውን ከዛሬ የሚያያይዝ ግሥ ይጠይቃል፦ «አይ ሃቭ ወርክድ» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ»። አደራ፣ «ሃቭ»ን አትጣሏት። «አይ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ያለ ሰው ሰዋስው አላፈረሰም፤ ጠያቂው የሚረዳው ግን ሥራውን እንደለቀቀ ነው።