ሹራቡ ከመጀመሩ በፊት ቁራጩ ይታጠብ

በእጅ የተሠራ ሹራብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ሲለበስ ልክክ ብሎ የነበረው፣ መጀመሪያ ታጥቦ ሲደርቅ ትከሻው ይወርዳል፣ ወገቡ ይሰፋል፣ እጅጌው እስከ ጣት ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የክሩም የሠሪውም እጅ አይደለም። ልኩ የተወሰደው ካልታጠበ ቁራጭ ላይ ስለሆነ ነው።

ሰውነት ላይ በልኩ የሚቀመጥ ሹራብ የሚጀመረው በሙከራ ቁራጭ ነው። ለሹራቡ በተመረጠው ክርና መርፌ፣ ወርዱም ቁመቱም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ ይሠራል። ከዚያ መሐሉ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ውስጥ ስንት የክር ቀለበት እንዳለ ይቆጠራል። ጠርዝ ላይ ያሉት ቀለበቶች ስለሚጣመሙ ከቆጠራው ይወጣሉ። ሹራቡ በስንት ቀለበት እንደሚጀመር የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

ከመርፌ የወረደ ቁራጭ ግን ገና አላረፈም። ክሩ ሲፈተል ተወጥሯል፣ ሲጠቀለል ተወጥሯል፣ ሲሠራም በእጅ ተስቧል። ሱፍ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይህን ውጥረት ይዞ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ፀጉሩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ቀለበቶቹም ተፈታትተው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ሲደርቅ በዚያው ይጸናል። ሹራቡ ዕድሜውን በሙሉ የሚኖረው በዚህ ከታጠበ በኋላ በሚይዘው መጠን ነው።

ለውጡ ይበልጥ የሚጎላው በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ በተዘጋጀ ሱፍ ላይ ነው። የበግ ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ጥቃቅን ሽፋኖች አሉት። አንዱን ፀጉር ከሌላው የሚያያይዙት እነሱ ናቸው፤ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ የሚኮማተረውም በእነሱ ምክንያት ነው። ፋብሪካው እነዚህን ቅርፊቶች በኬሚካል ያለሰልሳቸዋል ወይም በስስ ሽፋን ይለብጣቸዋል። መኮማተሩ ይቀራል፤ ነገር ግን ፀጉሮቹ እርስ በርስ የሚያያዙበትም ኃይል አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ጨርቁ ሲርስ ይለጠጣል።

በቁጥር እንየው። የደረቱ ዙሪያ 95 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈለግ ሹራብ አለ እንበል። ያልታጠበው ቁራጭ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ቀለበት ያሳያል። በዚህ ሒሳብ ለዙሪያው 209 ቀለበት ያስፈልጋል። ያው ቁራጭ ታጥቦ ሲደርቅ ግን በ10 ሴንቲ ሜትር የሚቆጠረው 20 ብቻ ነው። እንግዲያው በ209 ቀለበት የተሠራው ሹራብ ከታጠበ በኋላ ዙሪያው 104.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ትክክለኛው ቁጥር 190 ነበር። በአንድ ቁራጭ ላይ ሁለት ቀለበት ኢምንት ይመስላል፤ በሙሉ ዙሪያ ሲባዛ ግን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ትርፍ ያመጣል። ሰፊ ሆኖ ለሚለበስ ሹራብ ይህ ላያስከፋ ይችላል፤ ሰውነት ላይ ለሚያርፍ ግን ሥራውን ያበላሸዋል።

አስተጣጠቡ ሹራቡ ወደፊት እንደሚታጠበው መሆን አለበት። በእጅ የሚታጠብ ከሆነ ቁራጩ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል፤ አይታሽም፣ አይጠመዘዝም። በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ተጨምቆ ይወጣና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይዘረጋል። ጠርዙ በእጅ ቀስ ብሎ ይስተካከላል፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ይደረጋሉ፣ እስኪደርቅ ድረስም አይነሳም። ሹራቡ በማሽን የሚታጠብ ከሆነ ቁራጩም በማሽን ይግባ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይዘወተራል። አንዳንዶች የተፈለገው ቁጥር እስኪመጣ ድረስ እርጥቡን ቁራጭ ጎትተው በስፒል ይወጥሩታል። ያ ቁጥር ሐሰት ነው። ስፒሉ ሲነቀል ቁራጩ ከተሰበሰበ፣ ተወጥሮ ነበር ማለት ነው፤ መለካት ያለበት ስፒሉ ወጥቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ ነው። ቁጥሩ ከዲዛይኑ ጋር ካልገጠመ መፍትሔው መርፌ መቀየር ነው። ቀለበቱ ከበዛ ወፈር ያለ መርፌ፣ ካነሰ ቀጠን ያለ መርፌ ይወሰድና ሌላ ቁራጭ ይሠራል።

ከመታጠቡ በፊት የነበረው ቁጥርም አይጣል፤ ከኋለኛው ጎን ይጻፍ። ሹራቡ ገና መርፌ ላይ ሳለ የሚለካው ሳይታጠብ ስለሆነ፣ እጃችን መላላቱንና መጥበቁን የምናውቀው በፊተኛው ቁጥር ነው። በስንት ቀለበት እንደምንጀምር የምናሰላው ግን በኋለኛው ብቻ ነው። ቁራጩ እስኪደርቅ አንድ ቀን ቢፈጅም ይጠበቅ፤ ሳምንታት የተደከመበትን ሹራብ ተርትሮ እንደገና ከመጀመር ይሻላል።