ሐምሌ ለአዲስ አበባ ክረምት፥ ለቦረና ግን ደረቅ ወር የሆነበት ምክንያት

በሐምሌ ወር በአንድ ማታ በወዳጃችን ቤት ተቀምጠን ሳለን፥ ከነጌሌ ቦረና የመጡ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ከምድጃው ዳር ሆነው እጃቸውን ያሞቁ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቃል ለቃል መሰማማት እንኳ አስቸግሮን ነበር። የቤቱ ታናሽ ልጅ «አባባ፥ በእርስዎም አገር እንዲህ ይዘንባልን?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «የለም ልጄ፤ በእኛ ዘንድ አሁን አዶሌሳ ነው። ይበርዳል፥ ደመናም ይታያል፥ ዝናብ ግን የለም። እኛ ዝናባችንን ያገኘነው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ የሚቀጥለውንም፥ ሐገያ የምንለውን፥ እስከ ጥቅምት እንጠብቀዋለን» አሏት። ልጅቱም «ሰማዩ አንድ አይደለምን?» ብትል ከመካከላችን ፈጥኖ የመለሰላት ሰው አልነበረም። ጥያቄዋ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ባለመሆኑ፥ መልሱን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን።

ነገሩን ከዚያው ከምድጃው እንጀምር። እሳት ሲነድ በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፥ ይቀልላል፥ ከጢሱም ጋራ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእርሱ ፈንታ ቀዝቃዛው አየር በበሩ ሥር እየሾለከ ይገባል። በደጃፍ በኩል የተቀመጠ ሰው እግሩን የሚበርደው ስለዚህ ነው። በምድርም ላይ የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ፀሓይ በአናት ላይ የምትቆምበት ሐሩር ስፍራ እንደ ምድጃ ሆኖ አየሩን ሽቅብ ይሰዳል፤ ከሰሜንና ከደቡብም ነፋስ ወደዚያ ይሳባል። ሁለቱ ነፋሳት በሚገናኙበት ስፍራ አየሩ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመውም እንፋሎት ደመና ሆኖ ይዘንባል። ይህ መገናኛ ምድርን እንደ መቀነት ይዞራታል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት «የሐሩር ነፋሳት መገናኛ» ይሉታል፤ እኛ ግን ለመጥራት እንዲቀለን መቀነት እንበለው።

መቀነቱ በአንድ ስፍራ ታስሮ የሚቀር አይደለም፤ ፀሓይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። የፀሓይን መንገድ ለማየት የሚፈልግ ሰው በግቢው አንድ እንጨት ቀጥ አድርጎ ይትከል። በአዲስ አበባ ሚያዝያ 5 ቀንና ነሐሴ 23 ቀን ገደማ፥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል አቅራቢያ፥ እንጨቱ ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። በእነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል ፀሓይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን ያላስተዋሉ ትልልቅ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ልጆች ግን አንድ ጊዜ ካዩት አይረሱትም።

ፀሓይ ሰኔ 14 ቀን ገደማ ከሰሜን ጫፍ ደርሳ ትመለሳለች፤ መቀነቱ ግን ወደ ጫፉ የሚደርሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ድስት እሳቱ እንደ ተቀጣጠለ ወዲያው እንደማይፈላ፥ ምድርና ባሕርም ሙቀቱን እስኪጠጡ ድረስ ጊዜ ይፈልጋሉና ነው።

እንግዲህ መቀነቱን ከአንድ ግንብ ደርሶ እንደሚመለስ መንገደኛ እንቍጠረው። በመንገዱ መካከል ቤት ያለው ሰው ሲሄድም ሲመለስም ያየዋል፤ ከግንቡ ሥር ያለው ግን የሚያየው አንድ ጊዜ፥ እርሱንም ረዘም ላለ ሰዓት ነው። በጥር ወር መንገደኛችን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ፥ በዛምቢያና በሞዛምቢክ በኩል ነው። ከዚያ ተነሥቶ በመጋቢትና በግንቦት መካከል በቦረና ላይ ያልፋል፤ በዚሁ ወራት በደጋው ሰዎች ዘንድ የበልግ ዝናብ ይጥላል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜኑ ጫፍ ይደርስና የጎንደርን፥ የጎጃምንና የሸዋን ክረምት ይሰጣል። በጥቅምት ሲመለስ ዳግመኛ በቦረና ያልፋል። ነጌሌ ሁለት የዝናብ ወራት፥ ጎንደር ግን አንድ ረዥም ክረምት ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ግን አንድ ስሕተት እንዳይደርስ እናሳስባለን። ነፋሳቱ በሚገናኙበት በመስመሩ ላይ ዝናቡ የበረታ ይመስላል፤ በየብስ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር ከመስመሩ አጠገብ ስስ ነው፤ ከባድ ዝናብ የሚያዘንበው ወፍራሙ ክፍል በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይቀራል። ስለዚህ በነሐሴ መስመሩ ከካርቱም በስተ ሰሜን ሳለ፥ የካርቱም ሰዎች ከዝናቡ ይልቅ «ሀቡብ» የሚሉትን የአቧራ ማዕበል ያዩ ይሆናል፤ ብዙው ዝናብ ግን የሚወርደው በእኛ ተራሮች ላይ ነው።

የልጅቱ ጥያቄ ገና አልተፈጸመም። መቀነቱ ወደ ሰሜን ስለ ሄደ ብቻ ቦረናና ኦጋዴን በሐምሌ ለምን ፈጽመው ይደርቃሉ? ሕንድ ውቅያኖስ ቅርብ አይደለምን? እዚህ ላይ ሞንሱን የሚባለው ነፋስ ይገባል። ስሙ ዐረቦች «መውሲም» ከሚሉት የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ወቅት ማለት ነው። በበጋ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በክረምት ግን ከደቡብ ተነሥቶ የምድርን ወገብ ይሻገራል፥ ስለ ምድርም መዞር ወደ ቀኝ ታጥፎ ከደቡብ ምዕራብ ይሆናል። የጥንት ባለ ሸራ መርከበኞች ባንደኛው ወደ አፍሪካ መጥተው በሁለተኛው ይመለሱ ነበር።

የክረምቱ ነፋስ በኬንያና በሶማሊያ ጠረፍ ከኢትዮጵያ ተራሮች በስተ ምሥራቅ እንደ ወንዝ ተጠብቦ ይሮጣል። ፊንድላተር የሚባል የብሪታንያ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ. ም. አካሄዱን በዝርዝር ገልጾታል። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ፍጥነቱ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ይህ ነፋስ እንፋሎት አላጣም፤ ነገር ግን ከጠረፉ ጋራ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ወደ የብስ ገብቶ ሽቅብ አይወጣም። ደግሞም የባሕሩን የላይኛውን ውሃ ገፍቶ ቀዝቃዛውን ከጥልቁ ያወጣል፤ በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ደግሞ ደመና ጠንክሮ አያድግም። ስለዚህ ውሃውን በኦጋዴን ደጃፍ እያሳለፈ ወደ ሕንድ አገር ይወስደዋል። የደጋው ዝናብ ግን ብዙው በምዕራብ በኩል፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በሚመጣ እርጥብ አየር ይረዳል። ያ አየር ከኢሉባቦርና ከወለጋ ተራሮች ጋራ ሲጋጭ ሽቅብ ይወጣል፤ በዚያ በኩል የዝናቡ ወራት የሚረዝሙትም በዚህ ነው።

መንገዱ ሁለት ስለ ሆነ ጉዳቱም ሁለት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2007 ዓ. ም. ክረምት፥ የታላቁ ውቅያኖስ መካከል ከልማዱ በላይ በሞቀ ጊዜ (ይህን ኤል ኒኞ ይሉታል) የክረምቱ ዝናብ ደከመ፤ አፋርና የወሎ ምሥራቅ ክፍል ክፉኛ ተጎዱ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን፥ በ2008 ዓ. ም. መጸው፥ በሶማሌ ምድር እስከ ጎርፍ ድረስ ዘነበ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ. ም. ደግሞ ያው ውቅያኖስ በቀዘቀዘ ጊዜ (ይህም ላ ኒኛ ይባላል) ሐገያ ሦስት ዓመት አከታትሎ ቀረ፤ በመካከሉ የነበሩት ሁለት የጸደይ ዝናቦችም አልሞሉምና በቦረና አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ባከኑ። ከብቱም በብዛት አለቀ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው «የቀረችኝ አንዲት ላም ነበረች» ብለው ዝም አሉ። ልጅቱ ቡናቸውን አቀረበችላቸው፤ እኛም የጨዋታውን መንገድ ወደ ሌላ መለስነው። በጥቅምት የአዲስ አበባ እመቤቶች በርበሬያቸውን በፀሓይ ሲያሰጡ፥ ነፋሱ ከምሥራቅ ይነፍሳል፥ ሰማዩም ጥርት ይላል። በዚያው ሳምንት በነጌሌ ሰዎች ወጥተው ደመናን ይመለከታሉ።