ከኦዲት ሪፖርቱ ጋር የሚመጣው ሁለተኛው ደብዳቤ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ኦዲተሩ ሥራውን ሲጨርስ ለፋብሪካው ባለቤት ሁለት ሰነድ ያስረክባል። የመጀመሪያው ሁሉም የሚያውቀው የኦዲት ሪፖርት ነው። ባንክ ይጠይቀዋል፣ ግብር ሰብሳቢው ይጠይቀዋል፣ ስለዚህ ባለቤቱ ፎቶ ኮፒውን አብዝቶ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ሦስት አራት ገጽ የሆነ ደብዳቤ ሲሆን ከባለቤቱ በስተቀር ማንም አይጠይቀውም። በሙያው ቋንቋ የማኔጅመንት ደብዳቤ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ለትንሽ ፋብሪካ ግን ከሁለቱ የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሁለቱ ሰነዶች ጥያቄ የተለያየ ነው። ሪፖርቱ የሚመልሰው የሂሳብ መግለጫው በአጠቃላይ ሲታይ እውነተኛውን ሁኔታ ያሳያል ወይ የሚለውን ነው። ደብዳቤው ደግሞ ኦዲተሩ ሂሳቡን ሲመረምር በአሠራሩ ላይ ያያቸውን ክፍተቶች ይዘረዝራል። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 265 ኦዲተሩ ያገኛቸውን ጉልህ የቁጥጥር ድክመቶች ለድርጅቱ የበላይ ኃላፊዎች በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ይኸው ደረጃ ኦዲተሩ አንድ ነገር እንዲገልጽም ይጠይቃል፤ ይኸውም የተቀጠረው በቁጥጥር ሥርዓቱ ላይ አስተያየት ለመስጠት እንዳልሆነና የጻፈውም በሥራው መካከል ያጋጠመውን ብቻ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ ያልተጠቀሰ ነገር ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

በአነስተኛ ፋብሪካዎች ደብዳቤ ውስጥ በጣም የተለመደው ርዕስ የጥሬ ገንዘብ አያያዝ ነው። ነገሩን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዳማ ውስጥ የልብስ ሳሙና የሚያመርት ፋብሪካ አለ እንበል። ባለቤቷ ምርቱንና ግዢውን ራሷ ትመራለች። ቢሮው ውስጥ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ እና በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ የሂሳብ ባለሙያ አሉ። ሳሙናው ለሞጆ፣ ለአሰላና ለመተሃራ ነጋዴዎች በዱቤ ይሸጣል፤ ነጋዴዎቹም ዕዳቸውን በየጊዜው በጥሬ ገንዘብ ይከፍላሉ። ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ባንክ ያስገባል፣ የነጋዴዎቹን ሂሳብ መዝገብ ላይ ያወራርዳል። የደረሰኝ ጥራዞቹም በእሱ ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው።

ሐምሌ 1 ጠዋት ኦዲተሩ ካዝናውን ይቆጥራል። ቆጠራው ገንዘብ ያዡ ባለበት ይካሄዳል፤ እሱም እያንዳንዱን ኖት አብሮ አይቶ፣ የተቆጠረውን በሙሉ መልሶ እንደተረከበ ይፈርማል። በመዝገብ ያለው ቀሪ 186,400 ብር ነው። በካዝናው ውስጥ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ 108,250 ብር ሲሆን ቀሪው 78,150 ብር ወረቀት ነው። አንዱ ሠራተኛ ለለቅሶ የወሰደው ብድር፣ ሾፌሩ ለነዳጅ የተቀበለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቷ ራሷ ለግል ጉዳይ ስትወስድ በብጣሽ ወረቀት የፈረመችባቸው ናቸው። ሲደመር ልክ ይመጣል፤ ጉድለት የለም።

ሆኖም ኦዲተሩ እነዚያን ወረቀቶች ደብዳቤው ውስጥ ያነሳቸዋል። ካዝናው ውስጥ ወረቀት በገንዘብ ምትክ ማስቀመጥ የተለመደ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ማንንም አያስደነግጥም። ባለቤቷ ከዕለት ገቢው ላይ አንስታ ስትወስድ ደግሞ ገንዘብ ያዡ በእጁ ያለው ገንዘብ ስንት መሆን እንዳለበት ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ይህን ነጥብ መጻፍ ለኦዲተሩ ቀላል አይደለም፤ ደብዳቤው የሚደርሰው ለራሷ ለባለቤቷ ነውና። ነጥቡን ለስላሳ ለማድረግ ብሎ የሚዘለው ኦዲተር ግን ዋናውን ነገር ነው የሚዘለው።

ከዚህ የሚከብደው ቆጠራ የማያሳየው ክፍተት ነው። የሂሳብ ሰዎች ላፒንግ ይሉታል፤ የአንዱን ደንበኛ ክፍያ በሌላው ክፍያ መሸፈን ማለት ነው። ለምሳሌ ግንቦት 6 የሞጆው ነጋዴ 40,000 ብር ይከፍላል እንበል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ቆርጦ ይሰጠዋል፤ ገንዘቡን ግን ለራሱ ችግር ይወስደዋል፣ መዝገብ ላይም አያሰፍረውም። ግንቦት 14 የአሰላው ነጋዴ 55,000 ብር ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ባንክ ይገባል፤ መዝገቡ ላይ ግን 40,000 ብሩ የሞጆው ክፍያ፣ 15,000 ብሩ ብቻ የአሰላው ክፍያ ተብሎ ይጻፋል። ግንቦት 23 የመተሃራው ነጋዴ 60,000 ብር ሲያመጣ 40,000 ብሩ የአሰላውን ይሞላል፣ ለመተሃራው የሚተርፈው 20,000 ብር ነው። ጉድለቱ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል እንጂ አይጠፋም። ማንም ደንበኛ ከአንድ ሳምንት ብዙም ያለፈ ዕዳ ያለበት አይመስልም።

አሁን ይህን ከዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ጋር እናስተያየው። የተወሰደው ገንዘብ መጀመሪያም መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ካዝናው ከመዝገቡ ጋር ይስማማል። ባንኩም ይስማማል። 40,000 ብሩ የተደበቀው በጥሬ ገንዘቡ ሳይሆን በተሰብሳቢ ሂሳብ ውስጥ ነው፤ ፋብሪካው የተከፈለውን ገንዘብ ገና እንዳልተከፈለ ቆጥሮ ይዞታል። ጠቅላላ ተሰብሳቢው 3 ሚሊዮን ብር ቢሆን 40,000 ብር የሪፖርቱን አስተያየት የሚለውጥ መጠን አይደለም። ኦዲተሩ ለደንበኞች የማረጋገጫ ደብዳቤ ሲልክ የመረጣቸው ሌሎች ከሆኑም አያገኘውም። ስለዚህ ንጹሕ የኦዲት ሪፖርትና የጎደለ ገንዘብ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ላፒንግ የሚታወቀው በቀናት ነው። ኦዲተሩ የደረሰኝ ቅጂዎችን ያወጣና ለእያንዳንዱ ሦስት ቀን ጎን ለጎን ይጽፋል፦ ደረሰኙ የተቆረጠበትን፣ ገንዘቡ ባንክ የገባበትን እና በደንበኛው ሂሳብ ላይ የተመዘገበበትን። በምሳሌያችን ጥር ላይ በመካከላቸው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ዘጠኝና አሥር ቀን ሆኗል። ሁለተኛው ምልክት የባንክ ስሊፑ ነው። 55,000 ብር አንድ ላይ ገብቶ መዝገቡ ላይ በ40,000 እና በ15,000 ተከፍሎ ከተገኘ፣ በዚያ ቀን ደግሞ የ15,000 ደረሰኝ ካልተቆረጠ፣ ጥያቄ መነሳት አለበት። የደረሰኝ ቁጥሮች ተራ ላይ የሚዘለል ጥራዝ ከተገኘም እንዲሁ።

ጥያቄ መነሳት አለበት ማለት ግን ስርቆት ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ገንዘብ ያዡ ባንክ የሚሄደው ብዙ ሲጠራቀም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የምዝገባ ሥራም በሥራ ብዛት ሊዘገይ ይችላል። ጥሩ ደብዳቤ ያየውን ብቻ ይናገራል፣ ሰው አይከስም። የእኛ ኦዲተር ነጥቡን እንዲህ ቢጽፈው ደስ ይለኛል፦

«ጉዳዩ፦ በኦዲት ወቅት የታዩ የገንዘብ አያያዝ ድክመቶችን ይመለከታል። በሰኔ ወር ከተቆረጡት ደረሰኞች መካከል 20ውን መርምረን በ14ቱ ላይ ገንዘቡ ከተሰበሰበበት ቀን ከአምስት ቀን በላይ ዘግይቶ ባንክ መግባቱን አይተናል። ገንዘብ የሚቀበለው፣ የሚያስገባውና የደንበኞችን ሂሳብ የሚመዘግበው አንድ ሰው በመሆኑ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስህተት ወይም ጉድለት ቢፈጠር በጊዜው ሊታወቅ የሚችልበት መንገድ የለም። የተሰበሰበው ገንዘብ ሳይቀነስ በማግስቱ ባንክ እንዲገባ፣ የባንክ ስሊፑም ከደረሰኝ ቅጂዎች ጋር በሌላ ሰው እንዲመሳከር እናሳስባለን።»

ያየነው፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በተራ አለ። ከሥሩ ለባለቤቷ መልስ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ምክሩ ላይ ብዙ ደብዳቤ ይወድቃል። የመማሪያ መጽሐፍ ገንዘብ የሚቀበለውና የሚመዘግበው የተለያየ ሰው ይሁን ይላል፤ ትክክል ነው፤ ሦስት የቢሮ ሠራተኛ ላለው ፋብሪካ ግን አዲስ ሰው ቅጠሩ ማለት ደብዳቤው ወደ ፋይል እንዲገባ መፍረድ ነው። እዚህ ቁጥጥሩ ራሷ ባለቤቷ ናት። የደረሰኝ ጥራዞቹ በእሷ መሳቢያ ይሁኑ፤ ገንዘብ ያዡ አንዱን ጨርሶ ሲመልስ ፈርሞ ሌላውን ይውሰድ። ለጥቃቅን ወጪ 10,000 ብር ለብቻው ይመደብ፤ በማንኛውም ሰዓት በእጅ ያለው ገንዘብና የወጪ ማስረጃዎቹ ሲደመሩ 10,000 ይምጣ። ያኔ የዕለት ገቢውን ለነዳጅም ለብድርም የሚነካ ምክንያት አይኖርም። ባለቤቷም ለግል የምትወስደውን ከባንክ በስሟ ታውጣ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ላፒንግን ለይተው ይመታሉ። የመጀመሪያው በየወሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የከፈለውንና ያለበትን ቀሪ ዕዳ የሚገልጽ ወረቀት መላክ ነው፤ ወረቀቱን የሚልከው ግን ገንዘብ ያዡ መሆን የለበትም፣ ቅሬታ ያለው ደንበኛም የሚደውለው ለባለቤቷ ይሁን። የመተሃራው ነጋዴ «እኔ 60 ሺህ ከፍያለሁ፣ እዚህ ግን 20 ሺህ ይላል» ብሎ ለመደወል አንድ ቀን አይፈጅበትም። ሁለተኛው የዓመት ዕረፍት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ይህን ዕረፍት ሳይወስድ ዓመታት የሚሠራ ገንዘብ ያዥ ታታሪ ሊሆን ይችላል፤ ላፒንግ የሚሠራ ሰው ግን ቢፈልግም ዕረፍት መውጣት አይችልም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀጣዩን ክፍያ የሚያዛውርለት ስለሌለ። በእነዚያ ቀናት መዝገቡን ሌላ ሰው ይያዝ፣ ርክክቡም በቆጠራ ይሁን።

ነጋዴዎች በባንክ ዝውውርና በቴሌብር መክፈል ሲጀምሩ ይህ ሁሉ ያረጀ ይመስላል። ክፍያው በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሂሳብ ከገባ በእርግጥ ይቀልላል። ችግሩ ደንበኛው ጥድፊያ ላይ ሆኖ «በየትኛው ቁጥር ልላክ?» ሲል ገንዘብ ያዡ የራሱን ስልክ ሲሰጥ ነው። ያኔ ገንዘቡ እንደ ጥሬ ገንዘብ በግለሰብ እጅ ይቆያል፣ የሚለየው ካዝና ውስጥ ገብቶ ሊቆጠር አለመቻሉ ብቻ ነው። የድርጅቱ የሂሳብ ቁጥር በደረሰኙና በየወሩ በሚላከው ወረቀት ላይ ታትሞ፣ በሌላ ቁጥር የተከፈለ እንደማይያዝ መጻፍ አለበት።

የመልሱ ቦታ ላይ ብዙ ባለቤቶች «ይስተካከላል» ብለው ይፈርማሉ። በሚቀጥለው ዓመት ኦዲተሩ ያንኑ ነጥብ ከጎኑ «ካለፈው ዓመት የዞረ» ብሎ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ከመደጋገሙ በቀር የሚጨምረው የለም። የአዳማዋ ባለቤት ግን እንዲህ ብትጽፍስ፦ «የደረሰኝ ጥራዞችን ከነሐሴ 1 ጀምሮ እኔ እይዛለሁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው በየቀኑ ስሊፑን ከደረሰኝ ቅጂ ጋር አመሳክሮ ይፈርማል። ገንዘብ ያዡ ከነሐሴ 10 ጀምሮ የዓመት ዕረፍቱን ይወጣል።» ለእነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ተጨማሪ ደመወዝ አያስፈልግም፤ ኦዲተሩም በሚቀጥለው ሐምሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የንብረት ክፍል ሠራተኛው የፈረመባቸውን ስሊፖችና የዕረፍቱን የርክክብ ሰነድ ነው።