የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ

የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ በስልክ ቁጥር የሚከፈትና ገንዘብ ለማስቀመጥ፣ ለመላክ እንዲሁም ለመክፈል የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ሒሳብ ነው። አገልግሎቱ በስፋት የታወቀው የኬንያው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2007 ኤም-ፔሳን ከጀመረ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ያስጀመረ ሲሆን ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሏል።

በስልክ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ በባንክ ደብተር ላይ ከሚታየው ጋር ቢመሳሰልም አሠራሩ የተለየ ነው። በትንሽ በትንሹ ለሚቆጥብ ሰው ልዩነቱ በዋናነት የሚታየው በወለዱ፣ በገንዘቡ ጣሪያና በመመላለሻ ወጪው ላይ ነው።

ገንዘቡ የት ይቀመጣል?

አንድ ደንበኛ ለወኪል 100 ብር በእጁ ሲሰጥ፣ ከወኪሉ የኤሌክትሮኒክ ሒሳብ ላይ 100 ብር ይቀነስና ወደ ደንበኛው ሒሳብ ይገባል። ሲያወጣ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል። ስለዚህ ወኪሉ ሁልጊዜ ሁለቱንም ገንዘብ ይዞ መገኘት አለበት። በበዓል ዋዜማ ብዙ ሰው ሊያወጣ ሲመጣ ጥሬ ገንዘቡ ያልቅበታል፤ ደንበኛውም ስልኩ ላይ ገንዘብ እያለው ባዶ እጁን ይመለሳል ወይም ሌላ ወኪል ፍለጋ ይሄዳል።

በደንበኞች ስልክ ላይ ላለው ገንዘብ በሙሉ ተመጣጣኝ ብር በባንክ ተለይቶ እንዲቀመጥ ደንቡ ያስገድዳል። አገልግሎት ሰጪው ይህን ብር ለራሱ ሥራ ማዋል ወይም ማበደር አይችልም። ባንክ ግን ከቆጣቢዎች የሰበሰበውን ገንዘብ ያበድራል፤ ለቆጣቢው የሚከፍለው ወለድም ከዚያ የሚገኝ ነው። ተራው የስልክ ሒሳብ እንደ ባንክ የቁጠባ ሒሳብ ወለድ የማያስገኝበት ምክንያት ይኸው ነው።

የሒሳቡ ጣሪያ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ሒሳቦቹን ደንበኛው በሚያቀርበው የማንነት ማስረጃ መጠን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸው ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ጊዜ ሊቀመጥ የሚችለው ገንዘብ ከ5,000 ብር፣ በሁለተኛው ከ20,000 ብር፣ በሦስተኛው ደግሞ ከ30,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በቀን የሚንቀሳቀሰው ገንዘብም የራሱ ገደብ ነበረው። መመሪያው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ሒሳቡ የተቀረፀው ለዕለት እንቅስቃሴ እንጂ ብዙ ገንዘብ ለማከማቸት እንዳልሆነ ከእነዚህ ቁጥሮች መረዳት ይቻላል። በባንክ የቁጠባ ሒሳብ ላይ እንዲህ ያለ የማስቀመጫ ጣሪያ የለም።

አንድ ስሌት

በቀን 50 ብር የምታስቀር አንዲት ጉልት ቸርቻሪ እንውሰድ። በ30 ቀን 1,500 ብር፣ በ12 ወር ደግሞ ጳጉሜን ሳይቆጠር 18,000 ብር ይሆንላታል። በመጀመሪያው ደረጃ ገደብ ቢሆን ኖሮ ገና በአራተኛው ወር 5,000 ብር ሞልቶ ሒሳቧ አልቀበልም ይላት ነበር።

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በዚህ መጣኔ በየወሩ መጀመሪያ 1,500 ብር ባንክ ብታስገባ፣ በዓመቱ መጨረሻ ግብር ሳይቀነስ 682 ብር ከ50 ሳንቲም ወለድ ታገኛለች። ባንኩ ሩቅ ሆኖ ለደርሶ መልስ ታክሲ 40 ብር የምትከፍል ከሆነ፣ በወር አንዴ መሄዱ በዓመት 480 ብር ያስወጣታል፤ የሚተርፋት 200 ብር ገደማ ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ ብትመላለስ ግን ወጪዋ 2,080 ብር ይደርሳል፣ ወለዱም ተበልቶ ከኪሷ ይወጣል። ሱቋን ዘግታ የምታጠፋው ሰዓት ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ቆጣቢ የሚሻለው ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ነው። የየቀኑን 50 ብር በሰፈር ወኪል በኩል ስልክ ላይ ማጠራቀምና የተጠራቀመውን በወር አንዴ ከስልኩ ወደ ባንክ ሒሳብ ማዛወር ይቻላል። የማዛወሪያው ክፍያ ከታክሲው ካነሰ ወለዱ ለእሷ ይቀራል። ክፍያው እንደ ገንዘቡ መጠን ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በስልክ በኩል የሚገኝ የባንክ ቁጠባ

ወለድ የሚከፍሉ የስልክ ቁጠባዎችም አሉ፤ ነገር ግን ከጀርባቸው ባንክ አለ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኤም-ሽዋሪ ከኮመርሻል ባንክ ኦፍ አፍሪካ ጋር የተሠራ ነበር። የቴሌብር ሰንዱቅም በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመረ ሲሆን ወለድ ለማይፈልጉም ከወለድ ነፃ አማራጭ ይዟል። ቆጣቢው ገንዘቡን ከተራው የስልክ ሒሳብ ወደዚህ ቁጠባ ራሱ ማዛወር አለበት፤ ካላዛወረ ገንዘቡ ያለ ወለድ ይቆያል።

ማጭበርበር

በሞባይል ገንዘብ የተለመደው ማጭበርበር የሐሰት መልእክት ነው። «2,000 ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ይደርሳል፤ ወዲያው አንድ ሰው ይደውልና በስህተት የላክሁት ስለሆነ እባክዎ ይመልሱልኝ ብሎ ይለምናል። ተቀባዩ የሚልከው ግን የራሱን ገንዘብ ነው። መልእክቱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ቀሪ ሒሳብን በማየት ብቻ ነው፤ በቴሌብር በመተግበሪያው ወይም *127# በመደወል ማየት ይቻላል። ቀሪው ካልጨመረ የገባ ገንዘብ የለም። በእውነት በስህተት የተላከ ቢሆንም፣ ላኪው ለአገልግሎት ሰጪው አመልክቶ በዚያ በኩል እንዲመለስለት ማድረጉ ለሁለቱም ይሻላል።